አክሲዮን ልሽጥ ያለው የድሬዳዋ የግል ማኅበር፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ የሂሳብ አማካሪ ሆኜ የተሳተፍኩበት ነው። የባለጉዳዮቹን ስምና የድርጅታቸውን መለያ አልጻፍኩም። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ጉዳዩን የጻፍኩት ተመሳሳይ ነገር በድሬም በሐረርም ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ነው። ሰው ድርጅት አለው፣ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ «አክሲዮን እንሽጥ» ይላል። ድርጅቱ አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ የሚችል ዓይነት መሆኑን የሚጠይቀው ግን ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው።

ድርጅቱ

መልካ ጀብዱ አካባቢ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ማምረቻ ነው። የተቋቋመው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ነው፤ በተለምዶ ፒኤልሲ የምንለው ማለት ነው። አባላቱ 6 ናቸው፦ መሥራቹ አባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ ውጭ አገር የምትኖር ሴት ልጁና ሁለት የድሮ የንግድ ጓደኞቹ።

የተመዘገበው ካፒታል 6 ሚሊዮን ብር ነው፤ በ6,000 ድርሻ ተከፍሏል፣ አንዱ ድርሻ 1,000 ብር። አባትየው 45 በመቶ አለው። ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 11 በመቶ አላቸው። ከጓደኞቹ አንዱ 12፣ ሌላኛው 10 በመቶ ይዘዋል። ቤተሰቡ በጠቅላላ 78 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ፋብሪካው ደህና ይሸጣል። ችግሩ ያለው አንድ የማምረቻ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ መስመር ለማስገባት ከውጭ የመጣላቸው ዋጋ 250,000 ዶላር ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ ከ14 ሚሊዮን ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ያው ማሽን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን ብር ተጠጋ።

ባንክ ጠየቁ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ባንኩ መያዣውን ሳያይ ነው «ወረፋ ጠብቁ» ያላቸው። በዚያ ላይ መያዣው ራሱ ጣጣ ነበረበት። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ችግሩ እንዴት ተጀመረ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ጀመረ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ከዚራ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብሎ በስልኩ አክሲዮን የገዛ ሰው ሞልቶ ነበር። ታላቁ ልጅ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ይህን አይቶ «ቴሌ በስልክ ከሸጠ እኛስ ምን ያንሰናል?» አለ።

በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የድርጅቱ አክሲዮን ለሽያጭ መቅረቡን፣ ከ20,000 ብር ጀምሮ መግዛት እንደሚቻል፣ የሂሳብ ቁጥሩን ሁሉ ጻፈ። በተለይ የድሬው የታይዋን ገበያ ነጋዴዎችና የሳቢያን ሰፈር ሰዎች ገንዘብ አስገቡ። በሁለት ወር ውስጥ 37 ሰው 4.1 ሚሊዮን ብር ከፈለ። ለእያንዳንዱ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተሰጠው። ደረሰኙ ላይ «የአክሲዮን ግዢ» የሚል ተጽፏል፣ ከታች ደግሞ «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል» ይላል።

ገንዘቡ የገባው ወደ ድርጅቱ የዕለት ሂሳብ ነው። እኔ ስጠራ 2.4 ሚሊዮኑ ጥሬ ዕቃ ተገዝቶበት ነበር።

እንድጠራ ያደረገው ግን ይህ አልነበረም። አንድ የጅጅጋ ነጋዴ ቢሮ መጥቶ የትርፍ ድርሻዬን ስጡኝ አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቀው የለም። 12 በመቶ የነበረው ጓደኛ ለካ 720 ድርሻውን በግል ወረቀት ሸጦለት ኖሯል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ሁለት ጥያቄ መጣልኝ፦ እነዚህ 37 ሰዎች ምንድን ናቸው? ይሄ ሰውዬስ ማነው?

ሕጉ ምን ይላል

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሁለቱን ዓይነት ማኅበሮች ለተለያየ ሥራ ነው የሰራቸው። የግል ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት ይኖሩታል፤ ትንሹ ካፒታል 15,000 ብር ነው። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 መሥራቾችና 50,000 ብር ይፈልጋል፤ ከላይ የአባላት ጣሪያ የለበትም።

ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ መልሱ ዝግጁ ነበር። «አቦ፣ 37 እና 6 ሲደመር 43 ነው። 50 አልደረስንም!»

ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ጉዳዩ የሰው ቁጥር ብቻ አይደለም። የግል ማኅበር ድርሻውን በገበያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሰነድ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ማኅበሩ የሚተዋወቁ ሰዎች ስብስብ ነው ተብሎ ነው የተሰራው፤ አዲስ ሰው የሚገባው አባላቱ ሲቀበሉት ነው። እዚህ ግን ማንም አባል ያልተቀበላቸው 37 ሰዎች ማስተላለፍ ይቻላል የሚል ወረቀት ይዘዋል። መመሥረቻ ጽሑፉ አልተሻሻለም፣ ንግድ ቢሮ የሚያውቀው ነገር የለም፣ በአባላት መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። በሕግ ዓይን አባል አይደሉም። ድርጅቱ ገንዘባቸውን የያዘባቸው ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ማስታወቂያው ነው። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት እንደ አክሲዮን ያለ ሰነደ ሙዓለ ንዋይን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብና የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማጽደቅ አለበት። ብዙ ሰው ፕሮስፔክተስ የሚለው ሰነድ ነው። ለማንም ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል «ኑ ግዙ» ማለት ለሕዝብ ማቅረብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የቴሌ ሽያጭ ከስልኩ ጀርባ አክሲዮን ማኅበር የሆነ ድርጅትና የወጣ መግለጫ ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ያየው ስልኩን ብቻ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ማስታወቂያው ወረደ፣ ገንዘብ መቀበልም ቆመ። ቀጥሎ 4.1 ሚሊዮኑን በሂሳብ መዝገብ ላይ ከካፒታል አውጥተን ተከፋይ ዕዳ ውስጥ አስገባነው። ይህ የወረቀት ሥራ ብቻ ይመስላል፣ ግን የድርጅቱን መልክ ቀየረው። ሥራ አስኪያጁ ካፒታሉ ያደገ መስሎት ነበር። ያደገው ዕዳው ነው።

ከዚያ ለ37ቱም ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ሽያጩ እንዳልተጠናቀቀ፣ አባል እንዳልሆኑ፣ ገንዘባቸው እንደሚመለስ ይናገራል። ደብዳቤው ሲደርስ ግማሹ ተናደደ። አንዷ ነጋዴ «እኔ ወለድ አልጠየቅኩህ፣ አክሲዮኔን ስጠኝ» አለችው። ለማስረዳት አስቸጋሪ የነበረው ይሄ ነው። ድርጅቱን አምነውታል፤ የተሳሳተው ቅርጹ ነው።

የ720 ድርሻው ጉዳይ

ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ይሄ መፈታት ነበረበት። ማን አባል እንደሆነ ሳይታወቅ አዲስ አባል መቀበል አይቻልም።

በግል ማኅበር ድርሻን ከአባል ወደ አባል ማስተላለፍ ቀላል ነው። ለውጭ ሰው ሲሆን ግን ከካፒታሉ ሦስት አራተኛውን የያዙ አባላት መስማማት አለባቸው። ስምምነቱ ከተገኘ በኋላም ዝውውሩ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ በማኅበሩ ላይ ውጤት የለውም። የጅጅጋው ነጋዴ ያለው በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ነው። በእሱና በሻጩ መካከል ውል ሊሆን ይችላል፤ ማኅበሩን ግን አይመለከትም።

ጉባኤ ተጠራ። ውጭ ያለችው ልጅ ለወንድሟ የሰጠችው ውክልና በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት ጠበቅን። ቤተሰቡ 78 በመቶ ስላለው ብቻውን ማጽደቅም መከልከልም ይችል ነበር። ከለከለ። ምክንያታቸው ገዢው የሌላ ቱቦ አምራች የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ተንኮል ባለቤቱን ነከሰው። ገዢው በእውነት የከፈለው 2.5 ሚሊዮን ብር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን 720,000፣ ማለትም የድርሻዎቹ የመመሥረቻ ዋጋ። በድርሻ ሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለውን ግብር ለመሸሽ ነው እንዲህ የሚደረገው። ሽያጩ ሲፈርስ ሻጩ «በወረቀቱ የተጻፈውን እመልሳለሁ» ማለት ጀመረ። ገዢው ቀሪውን 1.78 ሚሊዮን መክፈሉን የሚያሳይ አንዳች ሰነድ የለውም። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ገብቶ ሙሉው ተመለሰለት። ፍርድ ቤት ሄደው ቢሆን ምን እንደሚሆን ለመናገር አልደፍርም።

ድርሻውን ታናሹ ልጅ በ2.6 ሚሊዮን ብር ገዛው። በዚህኛው ውል እውነተኛው ዋጋ ተጻፈ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ጸደቀ፣ የግብር ማስረጃው ቀረበ፣ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አባላቱ 5 ሆኑ። የቤተሰቡ ድርሻም 90 በመቶ ደረሰ።

ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። የአክሲዮን ማኅበር መነሻው ነፃ ዝውውር ነው። ሻጭና ገዢ ይስማማሉ፣ ዝውውሩ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ አለቀ። መተዳደሪያ ደንቡ ገደብ ሊያደርግ ይችላል፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ለነባር ባለአክሲዮኖች ይቅረብ ሊል ይችላል። ግን ገደቡ ካልተጻፈ የለም። የተፎካካሪው ዘመድ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። አባትየው ይህን ሲሰማ አክሲዮን ማኅበር መሆንን መጥላት የጀመረው ያኔ ነው።

ለሕዝብ መሸጥ ለምን አልተቻለም

ሥራ አስኪያጁ ግን ሐሳቡን አልተወም። «ወደ አክሲዮን ማኅበር እንቀየርና በሕጉ እንሽጥ» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ ጥቅም ደግሞ ነበረው፦ በአክሲዮን ማኅበር ገዢው ሲፈርም ሩቡን ከፍሎ ቀሪውን በኋላ ሊከፍል ይችላል፤ በግል ማኅበር ግን ድርሻ ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት። ለታይዋን ነጋዴ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለዚህ መግለጫው ቢዘጋጅ ምን ይጽፋል ብለን ቁጭ ብለን አየነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሁሉ ዘረዘርን። ሦስት ነገር ፊታችን ላይ ተደቀነ።

አንደኛ፣ የተመረመረ ሂሳብ የለም። ግብር ለማሳወቅ የሚሰራ ሂሳብ አለ፤ በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተዘጋጅቶ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ግን የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ የግል ማኅበርንም የሚመለከት ቢሆንም፣ ማንም መጥቶ ስላልጠየቃቸው ትተውት ነበር። ሕዝብ ገንዘብ ሲያስገባ ግን ይህ መጀመሪያ የሚታየው ነው፤ ከሽያጩም በኋላ በየጊዜው ሪፖርት ማውጣት፣ ትልቅ ነገር ሲፈጠርም ማሳወቅ ግዴታ ይሆናል። አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከሽያጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአንድ ደንበኛ ነው። ይህ ደንበኛ ቢሄድ ፋብሪካው ይንገዳገዳል። ለገዢ ትልቁ አደጋ ይሄ ስለሆነ መጻፍ አለበት። መጻፍ ማለት ግን ተፎካካሪም፣ ደንበኛውም ያነቡታል ማለት ነው። ደንበኛው የፋብሪካው እስትንፋስ በእጁ እንደሆነ ሲያውቅ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ፋብሪካው ያረፈበት መሬትና ሼድ በአባትየው ስም ነው እንጂ በድርጅቱ ስም አይደለም። የኪራይ ውል እንኳን የለም። ቅድም ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት የመያዣ ጣጣም ይሄው ነበር። ድርጅቱ የራሱ የሚመስለው ቤት ውስጥ በባለቤቱ ፈቃድ ነው ያለው። አባትየው ነገ ቢሞት ወራሾቹ መሬቱን እንጂ ድርጅቱን ላያስቡ ይችላሉ።

ይህን ለአባትየው ያልኩት በዚሁ ቃል ነው። ድሬ ነውና ሰባ ዓመት ቢሞላውም «አንተ» ነው የምለው። «መሬቱ ያንተ ነው፣ ድርጅቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ልንገር?» አለኝ። ለሕዝብ መሸጥ ማለት ልክ እሱ ነው፤ ለማታውቀው ሰው፣ ለሁሉም እኩል፣ በአንድ ቀን መናገር። አልፈለገም። ባለመፈለጉ አልፈረድኩበትም። 30 ሚሊዮን ብር ለሚፈልግ ድርጅት የኦዲቱ፣ የጠበቃው፣ የአማካሪውና የቦርዱ ወጪ ራሱ ከባድ ነው።

የተመረጠው መንገድ

የግል ማኅበር እንደሆነ ቀጠለ። ገንዘቡ ከጥቂት ትልልቅ ሰዎች እንዲመጣ ተወሰነ። አባላቱ በግል የሚያውቋቸው፣ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ማስገባት የሚችሉ 9 ሰዎች ተገኙ። ከ37ቱ መካከል 4ቱ ገንዘብ ጨምረው ከነዚህ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ዋጋው ላይ ተጨቃጨቅን። ሥራ አስኪያጁ አዲሶቹ በ1,000 ብር፣ ማለትም በመመሥረቻ ጽሑፉ ዋጋ እንዲገቡ ነበር ያሰበው። በቴሌግራምም ሲሸጥ የነበረው በዚሁ ነው። ኦዲተር ተቀጥሮ ሂሳቡን ሲመረምር ዕዳው ተቀንሶ የድርጅቱ የተጣራ ሀብት 24 ሚሊዮን ብር ሆነ። ለ6,000 ድርሻ ሲካፈል አንዱ 4,000 ብር ይወጣዋል።

ወረቀት ላይ አስቀምጠን አየነው። አዲሶቹ 12 ሚሊዮን ብር በ1,000 ሂሳብ ቢያስገቡ 12,000 ድርሻ ይወስዳሉ። ድርሻው ሁሉ 18,000 ይሆናል፣ የነባሮቹ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ሀብቱ 36 ሚሊዮን ሆኖ ለ18,000 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 2,000 ብር ይሆናል። ነባሮቹ ሳያውቁት ግማሽ ሀብታቸውን ሰጡ ማለት ነው። በ4,000 ሂሳብ ከሆነ ግን አዲሶቹ 3,000 ድርሻ ይወስዳሉ። ድምሩ 9,000 ይሆናል፣ 36 ሚሊዮኑ ሲካፈል አንዱ አሁንም 4,000 ነው። ማንም ከማንም አልወሰደም።

በዚህኛው ተስማሙ። የተመዘገበው ካፒታል ከ6 ወደ 9 ሚሊዮን አደገ፤ ቀሪው 9 ሚሊዮን የመግቢያ ዋጋ ብልጫ ሆኖ በመጠባበቂያ ተያዘ። አንዳንድ አባላት 12 ሚሊዮን አስገብተን ለምን 3 ብቻ ተመዘገበ ብለው ደነገጡ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ሁለት ቦታ ነው የተጻፈው።

9ኙ ሰዎች ግን ዝም ብለው አልገቡም። ሕጉ መግለጫ ስጧቸው ባይልም እነሱ ጠየቁ። የኦዲት ሪፖርቱን፣ የደንበኞች ዝርዝርን፣ የመሬቱን ካርታ። ያው ለሕዝብ ሽያጭ ዘርዝረን የነበረው ነገር ነው። አባትየው ተቆጥቶ «ታዲያ ምኑ ነው ግል የሆነው?» አለኝ። ልዩነቱ እነዚህ 9 ሰዎች ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመው ማየታቸው ነው፤ ደግሞም ያገኙት የጠየቁትን ያህል ብቻ ነው። ካልጠየቅክ አይነገርህም። በግል ማኅበር የምትገባ ሰው ራስህን የምትጠብቀው በራስህ ጥያቄ ነው።

መሬቱ ላይ ድርጅቱ የ10 ዓመት የኪራይ ውል እንዲኖረው ተደረገ፤ ሰነዶች ማረጋገጫም ተፈረመ። ያለዚህ አንገባም ያሉት እነሱ ናቸው።

ሌላው ጥያቄያቸው መውጫ ነበር። ገንዘቤን ስፈልግ ለማን እሸጣለሁ? በአዲስ አበባ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ለአክሲዮን ማኅበሮች እንጂ ለእነሱ አይሆንም። ስለዚህ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አንቀጽ ገባ። መሸጥ የሚፈልግ አባል ለሌሎቹ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ 60 ቀን ይጠብቃል፣ ዋጋው በመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት የተጣራ ሀብት ይሰላል። አባላት ካልገዙት ለውጭ ሰው ለማቅረብ ጉባኤ ይጠራል።

ምን ሰራ፣ ምን አልሰራ

12 ሚሊዮኑ ገባ። 9 ሚሊዮኑ ለማሽኑ ቅድሚያ ክፍያ ዋለ፤ ቀሪው 21 ሚሊዮን በካፒታል ዕቃ ኪራይ ተሸፈነ፤ 3 ሚሊዮኑ ለጥሬ ዕቃ ተተወ። ሁለተኛው መስመር ተተክሏል።

የሌሎቹ 33 ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ብር መመለስ ግን ከታሰበው በላይ ቆየ። ባንክ ውስጥ የቀረው 1.7 ሚሊዮን ብቻ ስለነበር ያን ያህሉ ወዲያው ተከፈለ፤ ቀሪው ከሽያጭ እየተቀነሰ በአራት ወር ነው ያለቀው። ያለ ወለድ ነው የተመለሰው። በዚያ መሐል የዋጋ ንረቱ የበላውን የካሳቸው የለም። ከእነሱ መካከል ሦስቱ ደንበኞች ነበሩ፣ አሁን ቱቦ የሚገዙት ከሌላ ነው።

የ20,000 ብር ሰው የሚገባበት በር ሳይከፈት ቀረ። ይህ የመንገዱ እውነተኛ ጉድለት ነው። ብዙ ትንንሽ ገንዘብ ማሰባሰብ የአክሲዮን ማኅበር ሥራ ነው፤ የግል ማኅበር ይህን ሊሰራ አይችልም። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ይህን ይቆጨዋል።

ቤተሰቡ ደግሞ አንድ ያልጠበቀውን ነገር አጣ። 90 በመቶ የነበረው ድርሻ 60 ሆነ። አዲሶቹ 33.3፣ የቀረው ጓደኛ 6.7 በመቶ አላቸው። ቤተሰቡና ጓደኛው ቢደመሩ 66.7 ነው፤ ከ75 አይደርስም። የጅጅጋውን ሰው የከለከለው ቤተሰብ ዛሬ ለውጭ ሰው ድርሻ ለመሸጥ የአዲሶቹን ፈቃድ ይፈልጋል። አዲሶቹም እንዲሁ። የዕለት ሥራውን የሚመራው ቤተሰቡ ቢሆንም በሩን ብቻውን አይከፍትም። ለአባትየው ይህን ፊርማው ከመድረሱ በፊት አሳይቼዋለሁ። «ገንዘብ ከፈለግን ምን ይደረግ» ብሎ ፈረመ።

ለሌሎች የሚሆን

ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የምትጋብዙት ማንን እንደሆነ ወስኑ። የምታውቋቸው ጥቂት ሰዎች ከሆኑ የግል ማኅበር ይበቃል። የማታውቁት ሕዝብ ከሆነ መጀመሪያ አክሲዮን ማኅበር መሆን፣ ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ መሄድ፣ ከዚያ ማስታወቅ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ካፒታል ሳይሆን ዕዳ ነው የሚሰበስበው።

የሚሰበሰበው ገንዘብ የዕለት ሂሳብ ውስጥ አይግባ። እዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ዝግ ሂሳብ ቢኖር ኖሮ 4.1 ሚሊዮኑ በአንድ ሳምንት ተመልሶ ያልቅ ነበር።

እንደ ገዢ ከሆናችሁ ደረሰኝ አባል አያደርግም። የአባላት ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የጸደቀ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያና በመዝገቡ ላይ ስማችሁን ጠይቁ። ሦስቱ ካልተሟሉ ገንዘባችሁን አበድራችኋል። ከግለሰብ ድርሻ ስትገዙ ደግሞ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ፤ የጅጅጋው ነጋዴ ገንዘቡን ያስመለሰው በሕግ ሳይሆን በሽማግሌ ነው።

መሬቱ በማን ስም እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። በድሬና በሐረር ያየኋቸው የቤተሰብ ድርጅቶች ብዙዎቹ በአባት ወይም በእናት ስም መሬት ላይ ናቸው። ድርጅቱ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ ይህ በመግለጫው ይወጣል። የግል ከሆነ የሚወጣው አንድ ሰው ካርታውን አምጡ ሲል ብቻ ነው።

ዋጋውን በመመሥረቻ ጽሑፉ ቁጥር አትተምኑ። ሰርቶ ያተረፈ ድርጅት የድርሻው ዋጋ ከዚያ የራቀ ነው፤ የተመረመረ ሂሳብ ሳይኖር ደግሞ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። በአዲስ አባል መግቢያ ዋዜማ የአባላቱን መቶኛ ከ75 ጋር አስተያዩት። ከመፈረም በፊት ማን ብቻውን ማጽደቅ እንደሚችልና ማን ብቻውን መከልከል እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሁሉም አንብቡላቸው። እኛ ያነበብንበት ገጽ አሁን ከቃለ ጉባኤው ጋር በፋይሉ ውስጥ አለ።